ቁም ሳጥን ሲገፋ፦ ይንሸራተታል ወይስ ይገለበጣል?

ቤት ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቆ ወደ በሩ ለመውሰድ እጆቹን በደረቱ ከፍታ ያሳርፍና ይገፋል። ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። ጉልበት ሲጨምር ደግሞ የኋላው እግር ከወለሉ ብድግ ይልና አናቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። "ኧረ ያዘው!" የሚል ጩኸት ይከተላል። ያው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ ሲገፋው ግን ሳጥኑ ቀጥ እንዳለ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ወለሉም፣ ክብደቱም፣ ገፊውም አልተለወጡም። የተለወጠው እጁ ያረፈበት ከፍታ ነው።

ያ ከፍታ ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደሚያልቅ፣ ማለትም ከየት በታች ብንገፋ ሳጥኑ እንደሚንሸራተት፣ ከየት በላይ ብንገፋ ደግሞ እንደሚገለበጥ፣ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ አንድ ማካፈል ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሳጥኑን የሚነኩትን ኃይሎች በየቦታቸው ማየት አለብን።

አንድ ተራ ቁም ሳጥን እንውሰድ። ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 120፣ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ ነው እንበል። ምድር ይህን ሳጥን የምትስብበት ኃይል ወደ 600 ኒውተን ይጠጋል፤ 1 ኪሎ ለሚመዝን ነገር 10 ኒውተን ብሎ መያዝ ለእኛ ስሌት ይበቃል። ዕቃው በውስጡ እኩል ተደልድሎ ከሆነ ይህ ኃይል ሁሉ በሳጥኑ መካከል በሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች እንደሚጫን አድርገን ማሰብ እንችላለን። የምንገፋው በጠባቡ አቅጣጫ፣ ከጀርባው ወደ ፊቱ ከሆነ፣ ያ መስመር ከፊተኛው የታች ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ይህን 25 ልብ እንበል፤ ምዕራፉን ሙሉ አይለየንም።

ከክብደቱ ሌላ ሦስት ኃይሎች አሉ። አንደኛው የእኛ ግፊት ነው። ሁለተኛው ወለሉ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚመልሰው ድጋፍ ነው፤ መጠኑ ከክብደቱ ጋር እኩል፣ 600 ኒውተን ነው። ሦስተኛው ፍትጊያ ነው፤ በሳጥኑ ግርጌና በወለሉ መካከል ሆኖ ግፊታችንን ይቃወማል።

ፍትጊያ የራሱ ጣሪያ አለው። በ50 ኒውተን ብንገፋ በ50 ይመልሳል፣ በ100 ብንገፋ በ100 ይመልሳል፤ ከጣሪያው ካለፍን ግን ይሸነፍና ሳጥኑ ይንሸራተታል። ጣሪያው የሚታወቀው ወለሉ የተሸከመውን ክብደት በአንድ ቁጥር በማባዛት ነው። ቁጥሩ የፍትጊያ ምጣኔ ይባላል፤ የሚወሰነውም በሚነካኩት ሁለት ገጾች ዓይነት ነው። እንጨት በለሰለሰ ወለል ላይ ከሆነ ከ0.3 እስከ 0.5 ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ የጎማ እግር በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ 0.7 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ለእኛ ሳጥን 0.4 እንውሰድ። ስለዚህ ለማንሸራተት 600 ሲባዛ በ0.4፣ ማለትም 240 ኒውተን ያስፈልገናል። ይህ ቁጥር እጃችን የትም ቢያርፍ አይለወጥም። ከታችም ከላይም ብንገፋ የመንሸራተት ዋጋው 240 ነው።

የመገልበጥ ዋጋ ግን ከእጃችን ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሳጥኑ የሚገለበጠው በፊተኛው የታች ጠርዙ ላይ ዞሮ ነው፤ ያ ጠርዝ ለሳጥኑ ልክ ለበር እንደ ማጠፊያው ነው። በርን ከማጠፊያው አጠገብ ቢገፉት ያስቸግራል፣ ከእጀታው ቢገፉት በጣት ይከፈታል። አንድ ኃይል ዕቃን የማዞር አቅሙ በኃይሉ መጠንና የኃይሉ መስመር ከመዞሪያው ባለው ርቀት ብዜት ይለካል። የፊዚክስ ሰዎች ቶርክ ይሉታል። እኛ በ120 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስንገፋ፣ ከጠርዙ ያለን ርቀት 1.2 ሜትር ነው፤ በ50 ሳንቲ ሜትር ስንገፋ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ግፊት ከላይ ሲሆን የማዞር አቅሙ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ክብደቱ ደግሞ በተቃራኒው ሳጥኑን ወደ ቦታው የሚመልስ ቶርክ አለው፦ 600 ኒውተን ሲባዛ በ0.25 ሜትር፣ 150 ይሆናል። መገልበጥ የሚጀምረው የግፊታችን ቶርክ 150 ሲደርስ ነው።

ወለሉና ፍትጊያውስ የት ገቡ? ስሌቱን በጠርዙ ላይ ማድረግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፍትጊያ የሚሠራው በወለሉ ገጽ ላይ ስለሆነ መስመሩ በጠርዙ በኩል ያልፋል፤ ርቀቱ ዜሮ ነውና ቶርኩም ዜሮ ነው። የወለሉ ድጋፍም መገልበጥ በሚጀመርባት ቅጽበት በጠርዙ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ እሱም ዜሮ ይሆናል። ስለ እነዚህ ሁለት ኃይሎች ሳንጨነቅ በቀሩት ሁለቱ ብቻ እንጨርሳለን። ብዙ ተማሪዎች መዞሪያውን የሳጥኑ መካከል ላይ ያደርጉትና ፍትጊያውም ድጋፉም ስሌቱ ውስጥ ገብተው ያምሷቸዋል። በትክክል ከሠሩት መልሱ አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ይረዝማል።

እንግዲህ በ120 ሳንቲ ሜትር ላይ እንግፋ። ለመገልበጥ የሚያስፈልገው ኃይል 150 ሲካፈል ለ1.2፣ 125 ኒውተን ነው። ለማንሸራተት ደግሞ 240 ያስፈልጋል። ግፊታችንን ቀስ በቀስ ስንጨምር 125 ላይ ቀድመን እንደርሳለን፤ ሳጥኑ ሳይንሸራተት ይነሳል። አሁን ዝቅ ብለን በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ እንግፋ። ለመገልበጥ 150 ሲካፈል ለ0.5፣ 300 ኒውተን ያስፈልጋል። 240 ቀድሞ ይመጣል፤ ሳጥኑ ይንሸራተታል። በሁለቱ መካከል ሁለቱ ዋጋዎች እኩል የሚሆኑበት አንድ ከፍታ አለ፦ 150 ሲካፈል ለ240፣ 0.625 ሜትር። ለዚህ ሳጥንና ለዚህ ወለል ድንበሩ 62.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለመካከለኛ ቁመት ሰው ከጉልበት በላይ ከወገብ በታች ማለት ነው።

ያንኑ ቁጥር በአጭሩ ለማግኘት የውፍረቱን ግማሽ ለፍትጊያ ምጣኔው ማካፈል ይበቃል፦ 25 ሲካፈል ለ0.4፣ 62.5። ክብደቱ ከስሌቱ ወጥቷል። ብዙ ሰው "ባዶ ላድርገውና አይወድቅም" ይላል፤ ነገር ግን ልብሱን አውጥተን ሳጥኑን 30 ኪሎ ብናደርገው የመንሸራተቱም የመገልበጡም ዋጋ እኩል በግማሽ ይቀንሳል። በ120 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢገፋ አሁንም ይነሳል፣ ያውም በ62.5 ኒውተን፣ በቀላል ግፊት። ባዶ ማድረግ ለወገባችን ያግዛል፤ ድንበሩን ግን በአንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አያነሳውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የሳጥኑ የስበት ማዕከል ከፍታም በስሌቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ከባዱን ዕቃ ከላይ መደርደሪያ ብናደርገውም ከታች ብናደርገውም፣ ከፊተኛው ጠርዝ ያለው አግድም ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር እስከሆነ ድረስ ሳጥኑ መነሳት የሚጀምረው በዚያው ግፊት ነው። ከፍታው ዋጋ የሚኖረው ሳጥኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከመነሳቱ በፊት ከሳጥኑ ግርጌ በታች የሚሆነው ነገር በቀጥታ በዓይን አይታይም፣ በዘዴ ግን ሊታይ ይችላል። ሳጥኑ ሳይገፋ ሲቆም የወለሉ ድጋፍ ከፊትም ከኋላም እኩል ተከፋፍሎ፣ ማዕከሉ ከፊተኛው ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ስንገፋ ድጋፉ ወደ ፊት ይሸሻል። በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በ240 ኒውተን ስንገፋ ቶርካችን 120 ነው፤ ከ150 የሚተርፈው 30 ነው፤ 30 ሲካፈል ለ600፣ 0.05 ሜትር። ይህ ማለት ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ቢንሸራተትም የድጋፉ ማዕከል ከፊተኛው ጠርዝ የቀረው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግፊታችን በ120 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 125 ሲደርስ ደግሞ የቀረው ዜሮ ነው። ይህን ለማየት በሳጥኑ የኋላ ጠርዝ ስር ወረቀት ያስገቡ። መጀመሪያ ወረቀቱ ተጣብቆ አይወጣም። ሌላ ሰው ከላይ ቀስ እያለ ሲገፋ፣ ሳጥኑ ገና ሳይነሳ ወረቀቱ እየላላ ይመጣና በሁለት ጣት ይሳባል። ወረቀቱ ሲላላ ሳጥኑ ማስጠንቀቂያውን ሰጥቷል፤ ግፊቱ ዝቅ ማለት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ድጋፉ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ሲከማች የሚፋተገው ስፋት አነሰ፤ ታዲያ ፍትጊያውስ አይቀንስም? አይቀንስም። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን በ1699 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ይህን ነው፦ የፍትጊያ ጣሪያ የሚወሰነው በሚጫነው ክብደት ነው፣ በሚነካካው ስፋት አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ከእርሱ 200 ዓመት ገደማ ቀድሞ ያንኑ በማስታወሻዎቹ አስፍሮ ነበር፤ ማስታወሻዎቹ ግን አልታተሙም ነበርና ለዘመኑ ሰዎች አልደረሰም። ስፖንጅ በመሰሉ ለስላሳ ነገሮችና በሚያጣብቁ ገጾች ላይ ሕጉ ይላላል። ለእንጨት ሳጥንና ለደረቅ ወለል ግን በደንብ ይሠራል፤ 240 ኒውተን 240 ሆኖ ይቀራል።

ድንበሩ በሁለት ነገር ብቻ የሚወሰን ከሆነ፣ ድንበሩን ለማንሳት ያለን መንገድም ሁለት ነው፦ የውፍረቱን ግማሽ ማስፋት ወይም ፍትጊያውን ማሳነስ።

ግማሹን ለማስፋት ሳጥኑን በጎኑ መግፋት ነው። በወርዱ አቅጣጫ ሲገፋ ግማሹ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 60 ሲካፈል ለ0.4፣ 150 ሳንቲ ሜትር። አሁን በደረት ከፍታ ቢገፉትም ይንሸራተታል። ፍትጊያውን ማሳነስ ደግሞ የቤት እመቤቶች ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ ነው፦ ሳጥኑን በትንሹ አንስቶ ከእግሩ ስር ያረጀ ብርድ ልብስ ማንጠፍ። በሴራሚክ ወይም በሊሾ ወለል ላይ ጨርቁ ምጣኔውን ወደ 0.2 ካወረደው ድንበሩ 125 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ለማንሸራተት የሚያስፈልገውም ኃይል በግማሽ ቀንሶ 120 ኒውተን ይሆናል። ሁለት ጥቅም በአንድ ጨርቅ ተገኘ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም ብልሃት የምመርጠው ይህን ነው። የጎማ እግር ያለው ማቀዝቀዣ የሚያስቸግረውም በተቃራኒው ምክንያት ነው። ውፍረቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ምጣኔው 0.7 ቢሆን ድንበሩ 43 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከጉልበት በታች ጎንበስ ብሎ የሚገፋ ሰው ስለሌለ፣ ማቀዝቀዣ ሁልጊዜ መነሳት ይፈልጋል።

በተግባር ቁጥሮቹን የሚያበላሹ ነገሮች አሉ፤ ከሁሉም የሚብሰው እግሩ ነው። ብዙ ቁም ሳጥኖች የሚቆሙት በጠርዛቸው ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ባሉ እግሮች ላይ ነው። እግሮቹ ከፊተኛው ገጽ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ከገቡ መዞሪያው እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ 25 የነበረው 20 ይሆናል። ሳጥኑ በሮቹ ፊት ለፊት ሆነው የሚሄድ ከሆነና የመስታወት በር ካለው፣ የክብደቱ መስመር ራሱ ወደ ፊት ይጠጋል። በዚህ ሌላ 5 ሳንቲ ሜትር ቢጠፋ 15 ይቀረናል፤ 15 ሲካፈል ለ0.4፣ 37.5 ሳንቲ ሜትር። በወረቀት ላይ 62.5 የነበረው ድንበር ከጉልበት በታች ወረደ። ስለዚህ ሜትሩ የሚዘረጋው ከፊተኛው እግር እስከ ክብደቱ መስመር ነው፤ በሮቹም ሳጥኑ ከመገፋቱ በፊት በገመድ ይታሰሩ።

አሁን ሳጥኑ ተነስቷል እንበል። ብዙ ሰው "ድንገት ከእጄ አመለጠ" የሚለው ለምንድን ነው? ሳጥኑ እየዞረ ሲሄድ የክብደቱ መስመር ወደ ጠርዙ ይቀርባልና የሚመልሰው ቶርክ እያነሰ ስለሚሄድ ነው። የእኛ ሳጥን 5 ዲግሪ ሲያዘነብል፣ የኋላ ጠርዙ ከወለሉ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲነሳ፣ 25 የነበረው ርቀት 17 ሆኗል፤ የመመለስ አቅሙ ሲሶው ጠፍቷል። የገፊው እጅ ግን ገና በዚያው 125 ኒውተን ላይ ነው፤ ትርፉ ሁሉ ሳጥኑን ያፈጥነዋል። 15.5 ዲግሪ ላይ፣ የኋላው 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲነሳ፣ ክብደቱ በጠርዙ አናት ላይ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ክብደቱ ራሱ ይጥለዋል።

የስበት ማዕከሉ ከፍታ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው። 15.5 ዲግሪ የመጣው ማዕከሉ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ስላለ ነው። ከባዱን ዕቃ ወደ ታች አድርገን 60 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው፣ የመጨረሻው ዲግሪ ወደ 22.6 ያድጋል፤ የኋላው ጠርዝ 19 ሳንቲ ሜትር እስኪነሳ ድረስ ሳጥኑ ለመመለስ ፈቃደኛ ነው። መነሳቱን አያስቀርም፣ ለመያዝ ግን ጊዜ ይሰጣል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ሲገፋ ነው። ሳጥኑ ከፈጠነ በኋላ ሌላ አደጋ ይመጣል፦ ደፍ። ሳጥኑ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን እየተንሸራተተ ሲሄድ የፊተኛው እግር ከበሩ ደፍ ወይም ከፍ ካለ የሴራሚክ ጠርዝ ጋር ቢጋጭ፣ ግርጌው ይቆማል፣ የላይኛው አካል ግን መሄዱን አያቆምም። በዚያን ጊዜ የእጃችን ከፍታ ምንም አይረባም፤ ፍትጊያው መጨረሻ የሌለው ሆኗልና። ክብደቱ እኩል የተደለደለ 180 በ50 የሆነ ሳጥን፣ ግርጌው ሙሉ በሙሉ ከተያዘ፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ያህል ፍጥነት ብቻ ካለው በራሱ ይገለበጣል። ይህ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። በግማሹ ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ ለመገለበጥ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሩቡን ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ትንሽ ተወዛውዞ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። ስለዚህ ደፍ ሲቀርብ ሳጥኑን አቁሞ፣ የፊቱን እግር በእጅ አሻግሮ መቀጠል ነው።

የወለል ለውጥም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፣ ረጋ ባለ መንገድ ቢሆንም። ምጣኔው 0.3 የሆነበት ሊሾ ላይ ድንበሩ 83 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እጃችን በ70 ላይ ሆኖ ሳጥኑ በሰላም ይሄዳል። 0.6 ወደሆነበት ሸካራ ሲሚንቶ ሲሻገር ድንበሩ ወደ 42 ይወርዳል፤ እጃችን ሳይንቀሳቀስ ከአስተማማኙ ወደ አደገኛው ጎን ተሻገረ ማለት ነው።

የወለልዎን ምጣኔ የሚነግር ሰንጠረዥ የለም፤ ወለሉና የሳጥኑ እግር ራሳቸው ይንገሩዎት። መጀመሪያ በትንሽ ዕቃ ይሞክሩት፦ ረዘም ያለ ባዶ ያልሆነ ካርቶን ወስደው ጠረጴዛ ላይ ያቁሙት፤ በእርሳስ ጫፍ ከታች ጀምረው፣ በየጊዜው ትንሽ ከፍ እያሉ በአግድም ቀስ ብለው ይግፉት። መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርሱ መንሸራተቱን ትቶ መነሳት ይጀምራል። ያቺን ቦታ በማስመሪያ ይለኩ። የካርቶኑ ውፍረት 6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ለውጡ 10 ላይ ከመጣ፣ የካርቶኑና የጠረጴዛው ምጣኔ 3 ሲካፈል ለ10፣ 0.3 ነው። ሚዛን ሳይኖር፣ በማስመሪያ ብቻ ፍትጊያን ለካን። ምጣኔው ከውፍረቱ ግማሽ ለቁመቱ ተካፍሎ ከሚገኘው ካነሰ ደግሞ ካርቶኑ አናቱ ላይ ቢገፋም አይገለበጥም፤ ለእኛ ቁም ሳጥን ያ ቁጥር 25 ሲካፈል ለ180፣ 0.14 አካባቢ ነው፣ የሳሙና ውኃ የፈሰሰበት ሴራሚክ የሚደርስበት ዓይነት ልስላሴ።

በትልቁ ሳጥን ላይም ፈተናው ያው ነው፦ ከታች ይጀምሩ፣ ከተንሸራተተ ትንሽ ከፍ ይበሉ፣ የኋላው እግር መላላት ሲጀምር አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው እዚያ ከፍታ ላይ ይቆዩ። ረዳት ካለዎት ከጎን ይቁም እንጂ ከፊት አይቁም፤ ሳጥኑ 15.5 ዲግሪ ካለፈ በኋላ 60 ኪሎው ራሱ ይጥለዋል።